የአባቴ ፎቶ፦ ይህ ውሃ ባሕር ነው፣ ሐይቅ ነው ወይስ የወንዝ አፍ?

ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ክሩ አሁን 22 መልስ ደርሷል። ሁሉንም ከላይ ጀምሮ ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው የተባለውን በተራ ላውጋው። የሰዎቹን ቃል አልገለብጥም፤ ሐሳባቸውን ብቻ በራሴ አነጋገር አቀርባለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህን ነበር። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ ወታደር ነበር። ምጽዋም ሠርቷል፣ ባሕር ዳርም ሠርቷል። በቅርቡ ሳጥኑን ስናገላብጥ ከአውሮፕላን መስኮት የተነሳ አንድ የቀለም ፎቶ አገኘን። በስተቀኝ መሬት አለ። ከመሬቱ እንደ ጣት ቀጭን የሆነ ነገር ወደ ግራ ይወጣና ውሃው ውስጥ ዘልቆ ይሄዳል። በጣቱ መሐል ወንዝ አለ፤ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው። ጫፉ ላይ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል። ከባላው ፊት ለፊት ቡናማ ውሃ ተዘርግቷል። ቡናማው የሚያልቅበት መስመር በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ውሃው አረንጓዴ ግራጫ ነው። ከላይ፣ ወደ አድማሱ አካባቢ፣ ፀሐይ ውሃው ላይ ወድቃ እንደ ብር ታበራለች።

ከፎቶው ጀርባ በአባቴ እጅ ጽሕፈት የተጻፈው «ባሕሩ ከላይ» ብቻ ነው። ቀን የለውም። ወንድሜ ባሕር ካለ ምጽዋ ነው ይላል። አክስቴ ጣና ነው ትላለች። ሁለቱም አይበገሩም። ስለዚህ ጥያቄዬ፣ ጀርባውን ትተን፣ ከውሃው ዳርቻ፣ ከወንዙ ቅርጽና ከውሃው ቀለም ብቻ ምን ማለት ይቻላል? የሚል ነበር።

1ኛው መልስ የነፍስ ይማር ነው። 2ኛውም እንደዚሁ፤ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ጸሐፊው የባሕር ዳር ሰው ነው። እነሱ ጋ ጣናን ሐይቅ ብሎ የሚጠራው መምህርና ጋዜጠኛ ነው፤ ሌላው ሰው ባሕር ነው የሚለው አለ። ከተማዋም ሐይቅ ዳር አልተባለችም። ስለዚህ የአባቴ ጽሑፍ ለወንድሜም ለአክስቴም ምስክር አይሆንም። ይህን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። አባቴ የደንበጫ ገጠር ልጅ ነው። አፉን የፈታው ባሕር በሚለው ቃል ነው።

3ኛው መልስ የአንድ ወጣት ነው። የሳተላይት ምስል ማየት ይወዳል። እሱ ወዲያው ፈረደ። ወንዝ እንዲህ እንደ ጣት እየረዘመ ውሃ ውስጥ የሚገባው ሐይቅ ላይ ብቻ ነው አለ። ባሕር ላይ ማዕበሉ ስለሚበላው እንዲህ አይሆንም፣ የናይል ዴልታ እንኳ ክብ ግንባር ነው ያለው፣ ስለዚህ ነገሩ አልቋል አለ።

4ኛው መልስ ላይ ነገሩ ጠለቀ። የጻፈችው በውሃ ሥራ ላይ ለብዙ ዓመት የቆየች ሴት ናት። ልጁ ግማሹን አግኝቷል አለች። ናይል ሜዲትራኒያን ሲደርስ በሮዜታና በዳሚዬታ ቅርንጫፎች ያወጣውን ደለል ማዕበል ለረጅም ዘመን እየመታ ወደ ጎን ስለበተነው የዴልታው ግንባር እንደ ቅስት ነው። እስከዚህ ልክ ነው። ሚሲሲፒ ግን የሚገባው ባሕር ውስጥ ነው። ቅርጹ ደግሞ የወፍ እግር ነው፤ ጣቶቹ ተዘርግተው ይታያሉ። ምክንያቱ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከፍና ዝቅታው አነስተኛ መሆኑ፣ ማዕበሉም ወንዙ የሚያመጣውን ጭቃ ለመበተን የማይበቃ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጣት የሚነግረን ወንዙ ማዕበሉን ማሸነፉን ነው። ውሃው ጨዋማ ይሁን አይሁን ጣቱ አይናገርም።

ጣቱ እንዴት እንደሚሠራም አስረዳች። ወንዙ ሲሞላ ጭቃ ተሸክሞ ይወጣል። የቆመ ውሃ ሲገባ መሐሉ እንደፈጠነ ይቀጥላል፤ ጠርዙ ግን ይዘገያል። ከባዱ ደለል የሚወርደው ጠርዙ ላይ ነው። በየክረምቱ በግራና በቀኝ ትንሽ ትንሽ እየተከመረ ሁለት ረጅም ግንቦች ይሠራል። ወንዙ በራሱ ግንብ መሐል ወደ ውሃው ውስጥ ይቀጥላል። ከአፉ ፊት ለፊት ደለል ተከምሮ መንገዱን ሲዘጋው ደግሞ ለሁለት ይሰነጠቃል። እኔ ባላ ያልኩት ያ ነው። ጣና ለዚህ የተመቸ ነው። ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ወይም 15 ሜትር ገደማ ነው። ከዳር አካባቢ ደግሞ ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ደለሉ ቶሎ ይሞላዋል።

ከዚያ ፎቶው ላይ የጎደሉትን ነገሮች እንድፈልግ አዘዘችኝ። ለኔ ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ነው። ዳርቻው ላይ ነጭ የአሸዋ መስመር አለ ወይ? ወንዙ አፉ ጋ ሲደርስ እንደ መለከት ይሰፋል ወይ? ከአረንጓዴው በታች፣ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጥ ራቁት ጭቃ አለ ወይ? የመጀመሪያው የጠንካራ ማዕበል ምልክት ነው። ሌሎቹ ሁለቱ በየቀኑ የሚወጣና የሚወርድ ባሕር ያለበት ቦታ ምልክቶች ናቸው። ማጉያ መስታወት ይዤ አየሁ። አንዱም የለም። አረንጓዴው ራሱ ውሃው ውስጥ ይገባል። ወንዙም እስከ ባላው ድረስ ስፋቱ ያው ነው።

በ5ኛው መልስ ወጣቱ በጨዋ ደንብ ስህተቱን ተቀበለ። 6ኛው ግን ቁጡ ነው። ውሃው ቡናማ መሆኑን እያያችሁ ምን ትጨቃጨቃላችሁ፣ ባሕር ሰማያዊ ነው፣ ሐይቅ ቡናማ ነው፣ አለ። ጭቅጭቁንም የሥራ ፈት ወሬ አለው። አንድ ሁለት ሰው መልሶ ሰደበው። እኔ ደግሞ የአባቴ ፎቶ ሥር እንዲህ ባትነጋገሩ ብዬ ለመንኩ፤ ያ 7ኛው ነው።

8ኛው መልስ የመጣው አርባ ምንጭ ከተማረ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው። ቀለምን ብቻ አትመኑ የሚል ነው። አባያና ጫሞ ጎን ለጎን ናቸው። በመሐላቸው ያለው የመሬት ድልድይ ጠባብ ነው። ግን አባያ ቀይ ቡናማ ነው፤ ጫሞ አይደለም። አባያ ቀይ የሆነው ደቃቁ ጭቃ ስለማይዘቅጥና ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚኖር ነው። አንድ ሐይቅ በሙሉ ቡናማ ሊሆን ይችላል፤ ቡናማ ያየ ሁሉ የወንዝ አፍ አየሁ ማለት አይችልም። በዚያ ላይ ፎቶው አሮጌ ነው አለ። ድሮ የታተመ የቀለም ፎቶ ሲያረጅ ወደ ቀይ ያደላል። መጀመሪያ ደመናውን እይ፣ ደመናው ነጭ ካልሆነ የውሃውንም ቀለም አትመኚ አለኝ።

ደመናውን አየሁ። ሮዝ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን የምሽት ሰማይ ይመስለኝ ነበር።

ይህ እጄ ላይ የነበረውን ማስረጃ ግማሹን ወሰደብኝ። የውሃ ባለሙያዋ ግን በ9ኛው መልስ አረጋጋችኝ። የቀለሙ ስም ቢበላሽም የቀለሙ ድንበር አይበላሽም። ወረቀቱ ሲቀላ ሁሉም አብሮ ይቀላል። ቡናማውና አረንጓዴው የሚገናኙበት መስመር ቦታውን አይለቅም። የሚጠየቀውም መስመሩ የት ነው፣ ስለቱስ ምን ያህል ነው የሚለው ነው አለች። ወንዝ ባሕር ሲገባ ጨዋማው ውሃ ስለሚከብድ የወንዙ ውሃ ጭቃውን እንደያዘ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። እየሳሳ ሩቅ ይሄዳል፤ ከአውሮፕላን ሲታይ ረጅም ጭራ ነው። ጨዋማ ባሕር ሥር ለመስጠም በአንድ ሊትር ወደ 40 ግራም ጭቃ መያዝ አለበት። ያን ያህል የሚይዝ ወንዝ ብዙ የለም። ሐይቅ ሲገባ ግን ትንሽ ጭቃና ትንሽ ቅዝቃዜ ይበቃዋል፤ ከሐይቁ ውሃ ስለሚከብድ ሥር ይገባል። የሚሰጥምበት ቦታ ላይ ቡናማው በድንገት ያልቃል። ላዩ ላይ አረፋና ገለባ ይሰበሰባል።

ማመን አቃተኝና ማታ ወጥ ቤት ገባሁ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አዘጋጀሁ። አንዱ ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሟሁ። ከጓሮ ቀይ አፈር አምጥቼ በውሃ በጠበጥኩና በነጠላ ጨርቅ አጠለልኩት። ያንን ድፍርስ በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ። ጨው ያለበት ብርጭቆ ላይ እንደ ማኪያቶ ቡናማው ከላይ ቀረ፤ ከሥሩ ጥርት ያለ ውሃ ነበር። ጨው የሌለበት ላይ ግን ድፍርሱ በብርጭቆው ግድግዳ ተንሸራትቶ ሥር ወርዶ ተኛ። ልጄ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ፎቶ አንስቼ በ10ኛው መልስ ለጠፍኩት፤ ከጥያቄዬ የበለጠ ሰው ያየው እሱን ነው።

11ኛው መልስ የቁንዝላ ሰው ናቸው። በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ የጻፈላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ግልገል አባይ ክረምት ላይ ጣና ሲገባ ያ መስመር በጠዋት በዓይን እንደሚታይ ነገሩን። በታንኳ ሲሻገሩት ከድፍርሱ ወደ ጥሩው የሚገባው በአንድ ቀዘፋ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ሁሉም ይደባለቅና መስመሩ ይጠፋል። በልጅነታቸው ዓሣ ያጠመዱበት ቦታ ዛሬ ሣር በቅሎበት ከብት ይበላበታል። ባለሙያዋም ነፋሱን አረጋገጠች። በተጨማሪ፣ ወንዙ ከሐይቁ ሞቅ ካለና ጭቃው ካነሰ ሐይቅም ላይ ሊንሳፈፍ እንደሚችል ተናገረች። ስለዚህ ስለታም መስመር ማየት ወደ ሐይቅ ያደላል፤ መስመር ማጣት ግን ምንም አያረጋግጥም።

እዚህ ጋ ክሩ ትንሽ ወጣ አለ። 12ኛው የመራዊ ሰው ነው። የራሱን ፎቶ ለጥፎ ይህስ ምንድን ነው አለን። ጥያቄዬን አላነበበውም መሰለኝ። ግን ከፎቶው የተማርነው አለ። ጣቶች አሉት፤ ጣቶቹ ግን የውሃ ናቸው። ውሃው በየሸለቆው እየገባ መሬቱን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሰንጥቆታል። አንደኛው ጎኑ ደግሞ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ዙሪያውን ሣር የሌለበት ቀይ ቀለበት አለው። 3ኛውን የጻፈው ወጣት ቀድሞ አወቀው፤ የቆጋ ግድብ ነው። ቀጥ ያለው ጎን ግድቡ ነው። ቀለበቱ በበጋ ለመስኖ ሲለቀቅ ውሃው የወረደበት ነው። መሬት ውሃ ውስጥ ጣት ካበጀ ወንዝ ደለል እያመጣ ነው፤ ውሃ መሬት ውስጥ ጣት ካበጀ ሸለቆ ተውጧል። የመራዊው ሰው አመሰገነ፤ ከዚያ ስለ መስኖው ተራ ማጉረምረም ጀመረ። 13 እና 14 በሙሉ ስለ መስኖ ናቸው።

15ኛው አረንጓዴው እምቦጭ ነው አለ። ይህ ቶሎ ተመለሰ። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም አካባቢ ነው። የአባቴ ፎቶ ከዚያ በፊት መነሳቱ የታወቀ ነው፤ እሱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጡረታ ወጥቷል። ጠርዙ ላይ ያለው ደንገል ቢሆን ነው።

በ16ኛው መልስ ባለሙያዋ ስለ ምጽዋ ያላትን ተናገረች። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ቀይ ባሕር ውስጥ አይገባም። በዚያ ዳርቻ ያሉት ወንዞች ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚወርዱ ናቸው። እስከ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ የሚዘልቅ እንዲህ ያለ ጣት በዚያ በረሃ ላይ አይጠበቅም። ምጽዋ ቢሆን ኖሮ ከዳሩ ቀጥሎ፣ ኮራሉ ከውሃው በታች ባለበት ቦታ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቅብ ይታይ ነበር፤ ከዚያ ውሃው በድንገት ይጠቁራል። ይህን ሳነብ ለወንድሜ ደወልኩ። አላነሳም።

ክርክሩ ግን በዚህ አልበረደም። 17ኛው መልስ ከፎገራ መጣ። ሰውየው ጣና ነው ማለቱን ተቀብሎ ከቁንዝላው አባት ወዲህ ግልገል አባይ ነው ማለታችንን ተቃወመ። ጉማራም ከምሥራቅ በኩል እንዲሁ ጣት አውጥቶ ይገባል፣ ጎጃሞች ሁሉን ለራሳችሁ ታደርጋላችሁ አለ። አነጋገሩ ቆጣ ያለ ነበር፤ ነጥቡ ግን ልክ ነው። የጎጃምነት ነገር ውስጥ ገብቶ አእምሮዬን ሸፍኖት ኖሯል። ሌላ ሰው ደግሞ በ18ኛው የኦሞ ወንዝ ቱርካና ላይ ያለውም እንዲህ ነው ብሎ ጨመረበት። ይህኛው በመሬቱ ተለየ። በፎቶዬ ስተቀኝ ያለው መሬት በእርሻ ማሳ ተሸንሽኗል፤ በመሐል በመሐል ክብ የዛፍ ጉብታ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ደን የሚመስል። የኦሞ አፍ አካባቢ እንደዚያ አይደለም።

ጉማራና ግልገል አባይን ለመለየት 19ኛውን ያህል የለፋ የለም። የጻፈው ዳንግላ ያለ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ውሃ ላይ የሚያበራ ፀሐይ ካለ ካሜራው ፀሐይዋ ወዳለችበት ዞሯል አለ። ነጸብራቁ አድማስ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፤ ጠዋት ወይም ማታ ነው። በእኛ አገር ዝቅ ያለች ፀሐይ በምሥራቅ ወይም በምዕራብ እንጂ በሰሜን ወይም በደቡብ አትገኝም። አሁን ጣቱን እንይ። ጣቱ ወደ ግራ ነው። ጠዋት ከሆነና ካሜራው ወደ ምሥራቅ ካየ፣ ግራው ሰሜን ነው። ግልገል አባይ ከደቡብ መጥቶ ወደ ሰሜን ነው የሚገባው። ይገጥማል። ጉማራ ግን ወደ ምዕራብ ነው የሚገባው። ምዕራብ በግራ እንዲሆን ካሜራው ወደ ሰሜን ማየት አለበት፤ ዝቅ ያለች ፀሐይ ደግሞ እዚያ የለችም።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ራሴን እንደ ካሜራው ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። ግራ እጄን ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ ዘረጋሁ። ገባኝ።

የፎገራው ሰው በ20ኛው መልስ ሁለት ጥያቄ አነሳ። አንደኛ፣ ድሮ ፎቶ ቤቶች ኔጋቲቩን ገልብጠው ያትሙ ነበር፤ ግራና ቀኙ ቢዞርስ? ሁለተኛ፣ የሁለቱም ወንዞች ጣት ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጎንበስ ይላል። መምህሩ የመጀመሪያውን በ21ኛው መለሰ። ቢገለበጥ ጣቱ ወደ ቀኝ ይሆናል። ያኔ ማታ ነው፣ ካሜራው ወደ ምዕራብ ያያል፣ ቀኙ አሁንም ሰሜን ነው። ግልገል አባይ በሁለቱም ይገጥማል፤ ጉማራ በሁለቱም አይገጥምም። ሁለተኛውን ግን ሙሉ በሙሉ አልመለሰም። ጣቱ ምን ያህል እንደጎበጠ ካላወቅን አቅጣጫውን በትክክል መናገር ያስቸግራል ብሎ ተቀበለ። ደለሉ ስለሚቀያይረው የዛሬን የሳተላይት ምስል ከዚያ ዘመን ፎቶ ጋር ማስተያየትም በቂ አይደለም። የፎገራው ሰው አላመነም፤ ግን አነጋገሩ ለስልሷል። በእኔ ግምት ግልገል አባይ ነው። ከአምስት አራት እጅ አምናለሁ።

22ኛው መልስ የወንድሜ ነው። ክሩን በሙሉ አንብቦ ኖሯል። ምጽዋ አለመሆኑን ተቀበለ። የብርጭቆው ነገር እንዳሸነፈው፣ እሱም ቤቱ እንደሞከረው ጻፈ። ግን አባታችን ምጽዋን ከአየር ላይ አንስቻለሁ ብሎ በአፉ እንደነገረው፣ በዚያ ላይ እንደማይሳሳት ተናገረ። ስለዚህ ሌላ ፎቶ አለ ማለት ነው፣ አንቺ ጋ ነው ያለው፣ ፈልጊ አለኝ።

ትናንት ሳጥኑን እንደገና ከፈትኩት። የደመወዝ ወረቀት፣ የእናቴ ደብዳቤዎች፣ የሁለት ሬዲዮ ባትሪ። ምጽዋን እስካሁን አላገኘሁም።